የሌላውን ገጽ መርምሮ የራስን ነገር ስለ ማግኘት

በዛሬው ዘመን በቤቷ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅታ የምትሸጥ እመቤት ገበያዋ በአደባባይ ብቻ ሳይሆን በቲክቶክና በኢንስታግራም ገጽም ሆኗል። በየሳምንቱም አዲስ ነገር ማሳየት ግድ ስለ ሆነባት፥ ምን ላሳይ ብላ ስታስብ የሌሎችን ነጋዴዎች ገጽ መመልከቷ አይቀርም። መመልከቱ ነውር አይደለም፤ ነገር ግን አንዱ ተመልክቶ የጐደለውን ሲያገኝ፥ ሌላው ተመልክቶ የሰው ድካም ይገለብጣል። የሁለቱ መንገድ ከምን ላይ እንደሚለያይ ለአንባቢዎቻችን በአንድ ምሳሌ ልንገልጽ አሰብን።

እንግዲህ ይህች እመቤት ስድስት ገጾች መረጠች እንበል፤ አራቱ እንደርሷ በርበሬ የሚሸጡ፥ ሁለቱ የወጥ አሠራር የሚያስተምሩ ናቸው። ከያንዳንዱ ገጽ የቅርቡን 20 ቪዲዮ ትወስዳለች፤ ሆኖም አንድ ሳምንት ያልሞላውን ትተወዋለች፤ ተመልካቹ ገና ተሰብስቦ አላለቀምና። ከዚህ በኋላ በደብተር ላይ የቪዲዮውን ጉዳይ፥ የተመልካቹን ቍጥርና ከሥሩ የተጻፉትን ጥያቄዎች በየመስመሩ ታሰፍራለች። የቪዲዮውን ቃልና አቀራረብ ግን አትጽፍም፤ ለምን እንደ ሆነ ወደ ኋላ እንገልጻለን።

ቍጥሩን ስትመዝን አንዱን ገጽ ከሌላው ጋራ አታወዳድር። ብዙ ተከታይ ያለው ገጽ ተራውን ነገር ቢያሳይም ብዙ ሰው ያየዋልና። ይልቅስ የያንዳንዱን ገጽ 20 ቍጥሮች ከትንሹ እስከ ትልቁ ደርድራ መካከለኛውን ትያዝ። መካከለኛው 800 በሆነበት ገጽ 4000 ሰው ያየው ቪዲዮ ቢገኝ አምስት እጥፍ ነውና፥ ጉዳዩ ሰውን እንደ ነካ ያመለክታል። ነገር ግን ገንዘብ ተከፍሎበት የተሠራጨ ሊሆን ስለሚችል፥ ከሥሩ እውነተኛ ጥያቄ መኖሩን ሳታይ አትመን። ሽያጩ ምን ያህል እንደ ሆነም ከውጭ ሆኖ የሚያየው የለም።

ከ120ው ቪዲዮ 64ቱ የወጥ አሠራር፥ 38ቱ የዕቃ ሥዕልና ዋጋ፥ 18ቱ የበዓል መልካም ምኞት ሆነው ተገኙ እንበል። ስለ በርበሬ አቀማመጥ የተናገረ አንድም የለም። ከጥያቄዎቹ መካከል ግን «ውጭ አገር የላካችሁልኝ በርበሬ ቀለሙ ለቀቀ፤ እንዴት ላስቀምጠው?» የሚል ዐሳብ ዘጠኝ ጊዜ ተጽፎ መልስ ያገኘው አንዱ ብቻ ነው። እውነተኛው ክፍተት ይህ ነው። ስለ ወፍጮ ታሪክም የተናገረ የለም፤ ነገር ግን የጠየቀም የለምና ዝም መባሉ ብቻውን ክፍተት አያሰኘውም። ክፍተት የሚባለው ፈላጊ ኖሮ መላሽ ሲጠፋ ነው። ይህንም ለማረጋገጥ የራሷ ደንበኞች የጻፉላትን መልእክት መለስ ብላ ታንብብ፤ እዚያም ጥያቄው ከተገኘ ነገሩ ጸና።

አሁን የመቅዳቱ ፈተና ይመጣል። በኢትዮጵያ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ ዐዋጅ ቍጥር 410/1996 መሠረት ሕጉ የሚጠብቀው ዐሳቡ የተገለጠበትን ሥራ እንጂ ዐሳቡን ራሱን አይደለም። ስለዚህ ጥያቄውን መውሰድ ይፈቀዳል፤ የሰውን ሥዕል፥ ቃልና ድምፅ መውሰድ ግን አይፈቀድም። ሕጉ የማይደርስበትም አለ፤ የአንዱን አከፋፈት፥ ተራና ቀልድ አንድ በአንድ የተከተለ ሰው ባይከሰስ እንኳ ተመልካቹ ያውቅበታል።

መድኃኒቱ ደብተሩን ይዞ ገጾቹን መዝጋት ነው። በደብተሩ ላይ ያለው ጥያቄ ብቻ ስለ ሆነ መልሱ ከእጇ ሥራ ይወጣል፤ የሌላውን ቃል ያልጻፈችውም ስለዚህ ነው። እርሷም በርበሬውን ብርሃንና እርጥበት በማያገኘው ማሰሮ አጥብቃ ከድና፥ ለረዥም ጊዜ የሚሆነውን በበረዶ ቤት አስቀምጣ ታሳያለች። ከበረዶ ቤት የወጣው ዕቃ ሳይሞቅ ቢከፈት የአየሩ እርጥበት በዱቄቱ ላይ ውሃ ሆኖ እንደሚያርፍና እንደሚያጓጕለው ታስረዳለች። ከአንድ ሰው የተለየ ብልሃት ወስዳ እንደ ሆነ ግን ስሙን ትጥራ።

በመጨረሻም በዚሁ ጉዳይ ሦስት ቪዲዮ አውጥታ ከራሷ መካከለኛ ቍጥር ጋራ ታስተያይ። ሦስቱም ከመካከለኛው ካላለፉና አዲስ ጥያቄ ካላመጡ፥ ያገኘችው ክፍተት የጥቂት ሰዎች ብቻ ነበርና ወደ ደብተሩ ተመልሳ ሁለተኛውን ጥያቄ ትያዝ። ደብተሩንም በየሦስት ወሩ ታድሰው፤ አንዱ የተወውን ሌላው ቀድሞ ሊሞላው ይችላልና።