ለሆቴል ጤፍ የማቅረብ ፕሮፖዛል፦ ዋጋው ላይ ምን ይጻፍ?

ሰሞኑን በውስጥ መስመር «ለሆቴል ጤፍ በቋሚነት ላቀርብ ነው፣ የፕሮፖዛል ፎርማት ላክልኝ» የምትሉኝ በዝታችኋል። ፎርማቱ ችግር አይደለም፣ አርማና ማኅተም ያለበት አንድ ገጽ ይበቃል። ሰው የሚከስርበት ቦታ ዋጋው የተጻፈበት አንቀጽ ነውና ዛሬ እሱ ላይ እንቆይ።

መጀመሪያ ፕሮፎርማና ፕሮፖዛል ይለያያሉ። ፕሮፎርማ የዛሬ ዋጋ ነው፣ አንድ ጊዜ አስረክባችሁ ትሄዳላችሁ። ፕሮፖዛል ግን ለስድስት ወር ወይ ለዓመት ቃል መግባት ነው። ብዙ ሰው ፕሮፎርማውን ገልብጦ «ለአንድ ዓመት የጸና» የሚል ይጨምርበትና ይፈርማል። የጤፍን ባሕርይ ታውቁታላችሁ፦ አዲሱ ምርት በኅዳርና በታኅሣሥ ሲገባ ገበያው ይረጋጋል፣ ክረምት ሲገባ አብዛኛውን ጊዜ ይወጣል። ሆቴሎች ደግሞ ውል የሚፈልጉት ገበያው ሲረክስ ነው፣ እነሱም ሞኝ አይደሉም።

ስሌቱን በአንድ ምሳሌ እንየው። ቁጥሮቹ ለማስረጃ ያህል ናቸው እንጂ የዛሬ ዋጋ አይደሉም። ሆቴሉ በወር 12 ኩንታል ነጭ ጤፍ ይፈልጋል፣ በ15 ቀን 6 ኩንታል ታደርሳላችሁ። እህል በረንዳ ኩንታሉን 13,000 ገዛችሁ እንበል። ሆቴሉ የሚረከበው የተበጠረና የተነፋ ጤፍ ነው። ከመቶ ኪሎ 3 ኪሎ ገለባና አፈር ከወጣ ንጹሑ ኩንታል 13,400 ገደማ መጣ ማለት ነው። ማበጠሪያ 200፣ መኪናና ጫኝ አውራጅ 210፣ ማዳበሪያ 50 ሲጨመርበት 13,860 ይሆናል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ትርፉን ደምሮ ያቆማል። የሚረሳው ገንዘቡ ታስሮ የሚቆይበት ጊዜ ነው። ሆቴሉ የሚከፍለው ወሩ ካለቀ በኋላ በ30 ቀን ከሆነ፣ ገንዘባችሁ በአማካይ ወር ከግማሽ ያህል ሰው ቤት ይቀመጣል። ያ ብር በእጃችሁ ሆኖ ቢዞር በወር 2 ከመቶ ያስገኝ ነበር ካልን፣ የዱቤው ዋጋ 3 ከመቶ ማለትም 416 ብር ነው። 14,276 ደረሰ። በኩንታል 400 ትርፍ ስትጨምሩ 14,676፣ ፕሮፖዛሉ ላይ 14,680 ብላችሁ ትጽፋላችሁ። ሆቴሉ እጅ በእጅ ከከፈለ 416ቱን መቀነስ ትችላላችሁ፣ ስለዚህ ሁለት ዋጋ ጻፉ፦ የዱቤና የእጅ በእጅ። የግዢ ኃላፊው ባይመርጠውም ፋይናንስ ያየዋል።

አሁን ክረምት ገባና የእህል በረንዳው ዋጋ 16,000 ሆነ። ብጣሪውና ዱቤው አብረው ስለሚያድጉ ወጪያችሁ 17,460 ይደርሳል። ዋጋውን ለዓመት ካሰራችሁት በኩንታል 2,780 ከኪሳችሁ ይወጣል፣ በወር ከ33,000 በላይ። የዓመቱ ሙሉ ትርፋችሁ ግን 57,600 ብር ነበር። ሁለት የክረምት ወር ዓመቱን ሙሉ ይበላዋል።

ያኔ ነው ጥፋቱ የሚመጣው። የማውቀው አንድ ነጋዴ በጥር እንዲህ ፈርሞ እስከ ሰኔ ቻለው። ከዚያ ነጩ ላይ ሰርገኛ ትንሽ ትንሽ መቀላቀል ጀመረ። መጋዘን ጠባቂው አላወቀም፣ እንጀራ ጋጋሪዋ ግን በሦስተኛው ቀን ለየችው፣ እንጀራው ጠቁሮባታል። ውሉ ተቋረጠ፣ የሁለት ወር ክፍያውም ለወራት ተጓተተበት። ሰውየው ሌባ አልነበረም፣ ዋጋው ነው ያስቀላቀለው።

መፍትሔው ዋጋውን ከገበያ ጋር ማሰር ነው፣ ግን «እንደ ገበያው ሁኔታ ይስተካከላል» የሚል ዓረፍተ ነገር አይሠራም። ሆቴሉ በእናንተ ቃል ብቻ ዋጋ አይጨምርም፣ ልክም ነው። እንዲህ ጻፉት፦ ወር በገባ በመጀመሪያው ሰኞ ከሆቴሉ ግዢ ክፍል አንድ ሰውና ከእኛ አንድ ሰው እህል በረንዳ ገብተው ከሦስት መጋዘን የነጭ ጤፍ ዋጋ ይጠይቃሉ፣ አማካዩ የወሩ መነሻ ዋጋ ይሆናል፣ ሁለቱም ይፈርማሉ። መነሻው ከቀድሞው በ2.5 ከመቶ ከጨመረ ወይም ከቀነሰ የማስረከቢያ ዋጋው በዚሁ ስሌት ይከለሳል።

ለምን 2.5? ሆቴሎች «እስከ 5 ከመቶ ያለውን አንተ ቻለው» ይላሉ፣ ትንሽም ይመስላል። ግን የ13,000 አምስት ከመቶ 650 ነው፣ ትርፋችሁ 400። ውሉን ሳታፈርሱ በኪሳራ ትሠራላችሁ። የምትችሉት ልዩነት ከትርፋችሁ ማነስ አለበት፣ አለቀ። «ወይም ከቀነሰ» የሚለውንም አትሰርዙ። ሆቴሉ ክለሳውን የሚቀበለው ሲወርድም እንደምታወርዱለት ሲያይ ነው።

ዋጋው ታክስን ያካተተ ይሁን አይሁን በግልጽ ይጻፍ፣ ከክፍያው የሚቀነሰውን ዊዝሆልዲንግም ቀድማችሁ አስቡት።

ጥራት ላይ «ምርጥ ነጭ ጤፍ» ምንም ማለት አይደለም፣ የእናንተ ነጭና የሼፉ ነጭ ይለያያል። ከአንድ ማዳበሪያ ሁለት ኪሎ አውጥታችሁ በሁለት ከረጢት አሽጉ፣ ሁለታችሁም ፈርሙበት፣ አንዱ ሆቴሉ ጋ አንዱ እናንተ ጋ ይቀመጥ። ክርክር ሲነሳ የሚታየው እሱ ነው። አዲስ ምርት ሲገባ መልኩም አጋገሩም ስለሚለያይ ናሙናው በአዲስ ይተካል ብላችሁ ጨምሩ።

ጤፍ ሁለት ዓይነት እንከን አለው። አንዱ በማውረጃው ላይ ይታያል፦ ጠጠር፣ ገለባ፣ እርጥበት፣ የሻጋታ ሽታ። ጥቂት በጥርስ ነክሶ አሸዋውን ማወቅ፣ ጨብጦ ሲለቁት እጅ ላይ ከቋጠረ እርጥብ መሆኑን መለየት ይቻላል። አንድ ኪሎ በወንፊት ነፍተው የወጣውን በሚዛን ይዩት፣ ለምሳሌ ከ10 ግራም ካለፈ ማዳበሪያው ይመለስ። ሁለተኛው እንከን የሚታየው ከተፈጨና ከተቦካ በኋላ ነው። ሊጡ እስኪቦካ ሦስት ቀን ያህል ስለሚወስድ ለዚህ ቅሬታ ሰባት ቀን ስጡ፣ ከዚያ በኋላ ግን አይሆንም። ማዳበሪያዎቹን ቁጥር ስጧቸው። ሆቴሉ ከሌላ ሰው የገዛውን ጤፍ የእናንተ ነው ብሎ እንዳይመልስ የሚጠብቃችሁ ያ ቁጥር ነው።

ማድረሻው ቀላል ነው፦ ቀኑና ሰዓቱ ይጻፍ፣ ሚዛኑ በሆቴሉ መጋዘን ሆኖ የማዳበሪያው ክብደት ይቀነስ። «በማንኛውም ጊዜ እናደርሳለን» አትበሉ፣ ቅዳሜ ማታ ይደውላሉ። መንገድ ቢዘጋ እንኳ እንዳይቋረጥ የአንድ ዙር 6 ኩንታል በመጋዘናችሁ ተበጥሮ ይቀመጥ፣ ይህንንም ፕሮፖዛሉ ላይ ጻፉት፣ ከብዙ ቃል ይልቅ ይሸጣል። የመንግሥት ተቋም ከሆነ ሞዴል 19 ሳትይዙ ከግቢው አትውጡ፣ ያለሱ ክፍያ የለም።

መጨረሻ ላይ ሁለት መስመር፦ ይህ ዋጋ የሚጸናው ለ10 ቀን ነው። ክፍያ ከቀነ ገደቡ በ15 ቀን ካለፈ ቀጣዩ ዙር አይጫንም። ሁለተኛውን ለመጻፍ የሚያፍር አለ፣ ግን ከፊርማው በፊት ማፈር ይሻላል ወይስ ሦስት ዙር በዱቤ ከተጫነ በኋላ መለመን?

የነገ ጠዋት የእህል በረንዳ ዋጋ እንደተለመደው 3 ሰዓት ላይ ይለጠፋል።