ማጉያው ለምን አንቴናው ላይ ይሰቀላል?

በከተሞቻችን ጣሪያዎች ላይ የተተከለውን የሳተላይት ዲሽ ልብ ብለን ብንመለከት፣ ከሳህኑ ፊት ለፊት በአንድ ክንድ ተይዞ የተሰቀለ አነስተኛ መሣሪያ እናገኛለን። ባለሙያዎች ኤል.ኤን.ቢ. ይሉታል። ይህ መሣሪያ የሲግናሉን ፍሪኩዌንሲ ዝቅ ከማድረጉም በላይ፣ በውስጡ ኖይዙ አነስተኛ የሆነ ማጉያ ይዟል። ፀሐይና ዝናብ ከሚፈራረቁበት ጣሪያ ይልቅ ማጉያው ቤት ውስጥ፣ ከሪሲቨሩ አጠገብ፣ ለምን አልተቀመጠም? መልሱን በስሌት እንመርምር።

ኖይዝ የምንለው ከሲግናሉ ጋር ተቀላቅሎ የሚደመጥ የኤሌክትሪክ ሁካታ ነው። ከፍጹም ዜሮ በላይ ሙቀት ባለው ማንኛውም ሬዚስተር ውስጥ ኤሌክትሮኖች ያለማቋረጥ ስለሚራወጡ፣ ኖይዝ ከሌለበት ዑደት ፈጽሞ አይገኝም። ኖይዝ ፊገር ደግሞ አንድ መሣሪያ በመግቢያው ላይ የነበረውን የሲግናልና የኖይዝ ጥምርታ ስንት እጥፍ እንደሚያበላሽ የሚገልጽ ቁጥር ነው። በእጥፍ ሲገለጽ F እንለዋለን፤ ምንም የማያበላሽ መሣሪያ F = 1፣ ማለትም 0 ዴሲቤል ይኖረዋል።

በ1944 ሃራልድ ፍሪስ የተባለው ተመራማሪ በተከታታይ ለተያያዙ መሣሪያዎች የሚከተለውን ቀመር አቀረበ፦

F = F1 + (F2 − 1)/G1 + (F3 − 1)/(G1·G2) + …

G የእያንዳንዱ መሣሪያ የማጉላት መጠን ነው። የቀመሩ ምሥጢር በአካፋዩ ላይ ይገኛል። የሁለተኛው መሣሪያ ኖይዝ በመጀመሪያው ማጉላት ይካፈላል፤ የመጀመሪያው ኖይዝ ግን በምንም አይካፈልም። ስለዚህ ፊት የቆመው መሣሪያ የሁሉንም ዕጣ ይወስናል።

አሁን ከፍኖተ ሐሊብ ሃይድሮጂን የሚመጣውን የ1420 ሜጋኸርዝ ሞገድ ለመቀበል የሚሞክሩ ተማሪዎችን እናስብ። ተቀባያቸው 6 ዴሲቤል ኖይዝ ፊገር አለው፤ F = 4 ማለት ነው። ረጅሙ ኬብላቸውም 6 ዴሲቤል ያባክናል፤ ማለትም ከኃይሉ ሩቡን ብቻ ያሳልፋል። ኃይል የሚያባክን ኬብል በክፍል ሙቀት ሲሆን ኖይዝ ፊገሩ ከብክነቱ ጋር እኩል ስለሆነ፣ ለእርሱም F = 4፣ G = 1/4 ነው። ስለዚህ F = 4 + (4 − 1)/(1/4) = 16፤ ይህም 12 ዴሲቤል ነው።

ቀጥለው 100 እጥፍ የሚያጎላና 1 ዴሲቤል ኖይዝ ፊገር (F = 1.26) ያለው ማጉያ ገዙ እንበል። ቤት ውስጥ፣ ከኬብሉ በኋላ ቢያስገቡት F = 4 × (1.26 + 3/100) = 5.16፣ ማለትም 7.1 ዴሲቤል ይሆናል። ያንኑ ማጉያ አንቴናው ላይ ቢሰቅሉት ግን F = 1.26 + (16 − 1)/100 = 1.41፣ ማለትም 1.5 ዴሲቤል ያህል ይሆናል። ማጉያውም ኬብሉም አልተለወጡም፤ የተለወጠው ቦታው ብቻ ነው። ኬብሉ ያዳከመውን ሲግናል በኋላ ብናጎላው፣ አብሮት የገባውን ኖይዝም አብረን እናጎላለን።

የልዩነቱን ክብደት ለማየት ኖይዙን በሙቀት እንግለጸው፤ T = 290(F − 1) ነው። ያለ ማጉያ 4350 ኬልቪን፣ ማጉያው ቤት ውስጥ ሲሆን 1206፣ አንቴናው ላይ ሲሆን 119 ኬልቪን እናገኛለን። የሃይድሮጂኑን ሲግናል 50 ኬልቪን፣ የሰማዩን የራሱን ኖይዝ 10 ኬልቪን ብንወስድ፣ ሲግናሉ ከጠቅላላው ኖይዝ በመጀመሪያው ሁኔታ 1 በመቶ፣ በሁለተኛው 4 በመቶ፣ በሦስተኛው 39 በመቶ ያህል ይሆናል።

ማጉያው በትክክል መሥራቱን ያለ ውድ መሣሪያ መፈተን ይቻላል። አንቴናውን በመጀመሪያ 290 ኬልቪን ወደሚሆነው መሬት፣ ከዚያም ወደ ቀዝቃዛው ሰማይ እናዙር። ማጉያው አንቴናው ላይ ከሆነ የኖይዙ መጠን ከ409 ወደ 129 ኬልቪን፣ ማለትም በ5 ዴሲቤል ዝቅ ይላል። ያለ ማጉያ ግን ለውጡ 0.3 ዴሲቤል እንኳ አይሞላም። የሚጠበቀው ቅናሽ ካልታየ፣ በማጉያው ኤሌክትሪክ አቅርቦት ወይም ከፊቱ ባለው ማያያዣ ላይ እክል መኖሩን መጠርጠር ይገባል።

ዘዴው ገደብ አለው። በአቅራቢያው የኤፍ.ኤም. ወይም የሞባይል ማሠራጫ ካለ፣ ኃይለኛው ሲግናል ማጉያውን ያጨናንቀዋል፤ በዚህ ጊዜ በእውን የሌሉ ጣቢያዎች በስክሪኑ ላይ ብቅ ይላሉ። ከማጉያው በፊት ፊልተር ማስገባት መድኃኒቱ ነው፤ ነገር ግን ፊልተሩ የሚያባክናት እያንዳንዷ ዴሲቤል በቀጥታ በኖይዝ ፊገሩ ላይ ትደመራለች። ከ30 ሜጋኸርዝ በታች በሚገኘው አጭር ሞገድ ደግሞ መብረቅና ሰው ሠራሽ ብልጭታዎች የሚያመነጩት ኖይዝ ብዙውን ጊዜ ከተቀባዩ ኖይዝ እጅግ ስለሚልቅ፣ እንዲህ ያለው ማጉያ ብዙም አይፈይድም። ጥቅሙ የሚጎላው ሰማዩ ከተቀባዩ በሚቀዘቅዝበት ፍሪኩዌንሲ ነው፤ በጣሪያችን ላይ ያለው ዲሽ የሚሠራውም በዚያው ክልል ውስጥ ነው።