የትምህርት ክፍል ኃላፊ ለመሆን የሚጻፍ ማመልከቻ፤ በር ተዘግቶ እንዴት ይነበባል?

ይህ ጽሑፍ የውስጥ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ «የትምህርት ክፍል ኃላፊ» የሚለውን ወረቀት አይታችሁ ማመልከቻ ለመጻፍ ለተቀመጣችሁ መምህራን ነው። አምቦ ዋናው ግቢ፣ ሀጫሉ ሁንዴሳ ካምፓስ ወይም ጉደር ብትሆኑ ነገሩ አንድ ነው። እንዲህ ያሉ ደብዳቤዎችን ከሚያነቡት ወገን ተቀምጬ አውቃለሁና፣ በር ሲዘጋ የሚሆነውን በጆሯችሁ ልንገራችሁ።

ደብዳቤያችሁን የሚያነቡት ባልደረቦቻችሁ ናቸው። የት እንደተማራችሁ፣ መቼ እንደተቀጠራችሁ፣ ስንት ጽሑፍ እንዳሳተማችሁ ያውቃሉ፤ ማኅደራችሁም ጠረጴዛው ላይ ነው። ስለዚህ «ለረጅም ዓመታት በትጋት አገልግያለሁ» የሚለው የመጀመሪያ አንቀጽ ሳይነበብ ይታለፋል። ከውጭ ለሚመጣ አመልካች ያ አንቀጽ ራሱን የሚያስተዋውቅበት ነው፤ ለውስጥ አመልካች ግን የባከነ ቦታ ነው። አንባቢው ቶሎ ብሎ የሚፈልገው «ሎድ» የሚለውን ቃል ነው። ሴሚስተር ሲጀመር ኃላፊውን ከሰው የሚያጣላው የኮርስ ድልድል ነውና።

በምሳሌ ላሳያችሁ። አንድ ትምህርት ክፍል በሥራ ላይ ያሉ 14 መምህራን አሉት እንበል። መደበኛው ሳምንታዊ ጫና ለአንድ ሰው 12 ሰዓት ከሆነ፣ ሁሉም ተደምሮ 168 ሰዓት ይሸፈናል። የሴሚስተሩ ኮርሶች ግን 190 ሰዓት ይጠይቃሉ። ባለፈው ሴሚስተር 4 መምህራን 18፣ 7 መምህራን 13፣ 3 መምህራን ደግሞ 9 ሰዓት ይዘው ነበር።

አንዱ አመልካች «ፍትሐዊ የሥራ ክፍፍል አሰፍናለሁ» ብሎ ይጽፋል። ሌላው ደግሞ ከሎድ ቅጹ ላይ ቁጥሩን አውጥቶ፣ 18 ከያዙት ላይ 9 ሰዓት ተነሥቶ 9 ለያዙት ሦስት መምህራን ቢሰጥ ከመደበኛው በላይ የሚታሰበው ጫና ከ31 ወደ 22 ሰዓት እንደሚወርድ ያሳያል። ለቀሪው 22 ሰዓት ተማሪያቸው ያነሰ ሴክሽኖችን ማዋሐድን ያቀርባል፤ ያ ካልበቃ ለዲኑ የትርፍ ጊዜ መምህር ጥያቄ የሚያስገባበትን ሳምንት ይጠቅሳል። ሁለተኛው ደብዳቤ ሲነበብ ክፍሉ ጸጥ ይላል፤ ከዚያ አንዱ የሎድ ቅጹ ይምጣና እናመሳክር ይላል። ያ አመልካች ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እንደ ኃላፊ እየታየ ነው።

ማመሳከሩ ግን የሚጥለውም አለ። የላብራቶሪ ሰዓት ከሌክቸር እኩል አይቆጠርም፤ በተለመደው አሠራር 3 የላብራቶሪ ሰዓት እንደ 2 የሌክቸር ሰዓት ይታሰባል። ይህን ሳያስተካክል የደመረ አመልካች ድልድል ሠርቶ እንደማያውቅ ወዲያው ይታወቅበታል። የካምፓሱ ሁኔታም እንዲሁ ነው። ለጉደር የሚያመለክት ሰው መምህራኑ ከአምቦ የሚመላለሱ ከሆነ የጠዋቱ የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ በሰርቪሱ መድረሻ ሰዓት ላይ እንደሚወሰን ማወቁ ከደብዳቤው ይታያል።

በሹክሹክታ የምነግራችሁ ትልቁ ነገር ስለ ቀድሞው ኃላፊ ነው። «ባለፈው አመራር ሥራው ተዳክሞ ነበር» የሚል ዓረፍተ ነገር ብዙ ጥሩ አመልካቾችን ጥሏል። የተነካው ሰው ራሱ የትምህርት ክፍሉ ጉባኤ አባል ነው፤ ወዳጆቹም እዚያው ተቀምጠዋል፤ ብትሾሙ ደግሞ ነገ ኮርስ የምትመድቡለት እሱን ነው። ችግሩ መጻፍ አለበት፤ የሚጻፈው ግን አሠራሩ እንጂ ሰውየው አይደለም። «ድልድሉ የሚለጠፈው ትምህርት ከተጀመረ በኋላ ነው፤ ከመጀመሩ ሁለት ሳምንት በፊት እንዲለጠፍ አደርጋለሁ» ማለት ይበቃል። ይህን የሚያነብ የቀድሞ ኃላፊ ራሱ ሲስማማ ይሰማል።

ሌላው የሚጥለው ከሥልጣን በላይ ቃል መግባት ነው። ቅጥር በሰው ሀብት፣ ግዥ በፋይናንስ በኩል ያልፋል፤ የትምህርት ክፍል ኃላፊ ይጠይቃል እንጂ አይፈቅድም። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተናው ስላለ «ሁሉንም ተማሪ አሳልፋለሁ» የሚል ቃል በየደብዳቤው ይገባል። ኃላፊው በእጁ ያለው የማጠናከሪያ ክፍል መርሐ ግብር፣ የሞዴል ፈተና ቀንና ኮርሶቹን የሚከልሱ መምህራን ምደባ ነው። እነዚህን በቀንና በኃላፊነት የዘረዘረ ይታመናል።

ስለዚህ ከመጻፋችሁ በፊት ያለፉትን ሁለት ሴሚስተሮች የሎድ ቅጽ ከትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ ጠይቁና በእጃችሁ ደምሩት። ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይለፍ፤ ግማሹን ለዚያ ድምር ስጡት።