በሌሊት ለገባ የምልክት ድርድር ለባልደረባ ምን ይመለሳል?

ሰኔ ለፋይናንስ ክፍል ሠራተኞች የማምሸት ወር ነው። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል። ያልታረቀ የባንክ ሒሳብ፣ ያልተወራረደ ቅድመ ክፍያ፣ ያልተመዘገበ ደረሰኝ ሁሉ ከዚያ በፊት ቦታ ቦታውን መያዝ አለበት። አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ቤቷ ሆና ላፕቶፗን እንደከፈተች ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ተኩል አለፈ እንበል። በዚያ ሰዓት በክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ በእሷ ስም ይህ ይገባል፦

```
Meskerem#2014
```

ሰላምታ የለውም፤ ከኋላውም የተከተለ ማብራሪያ የለም። ያላንቀላፋ አንድ ባልደረባዋ ያየዋል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ግሩፑ ውስጥ የሳቅ ምስል ልኮ «ምንድን ነው ይሄ?» ብሎ ይተኛል። ክፋት የለበትም፤ ግን ዝም ከማለትም የባሰ ነው፤ ምክንያቱም ያላየውም ሰው ስልኩን እንዲያነሳና ወደ ላይ ተመልሶ እንዲያነብ ያደርጋል። ይህ ድርድር ፓስወርድ ነው።

ነገሩ የሚፈጠረው በቀላሉ ነው። ሠራተኛዋ የሒሳብ ፕሮግራሙን ከፍታ ፓስወርዷን ለመጻፍ ስትዘጋጅ፣ ቴሌግራሙ በላፕቶፑ ላይ ክፍት ነው፤ የሚጻፈውን ፊደል የሚቀበለውም በዚያ ቅጽበት እሱ ነው። ፓስወርድ ሲጻፍ በስክሪኑ ላይ ከነጥብ በቀር ምንም ስለማይታይ፣ ሁላችንም ሳናይ መጻፍ ለምደናል። ጽፋ ኢንተር ስትጫን መልእክቱ ይሄዳል። ፕሮግራሙ ግን «ተሳስተሻል» አይላትም፤ ምክንያቱም ምንም አልደረሰውም። ሳጥኑን ባዶ ስታገኘው በደንብ ያልጻፈች ይመስላታል፣ እንደገና ትጽፋለች፣ ትገባለች፣ ሥራዋን ትቀጥላለች። ስለዚህ ስህተቱን ቀድሞ የሚያውቀው ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ሌላ ሰው ነው።

ያ ሌላ ሰው ከመመለሱ በፊት ድርድሩን ለአፍታ ቢያነበው ብዙ ነገር ያውቃል። ሕፃን ልጅ ወይም ድመት የነካው ኪቦርድ የሚልከው ነገር መልክ አለው፦ አንድ ፊደል ይደጋገማል፣ ወይም በኪቦርዱ ላይ ጎን ለጎን ያሉ ፊደሎች በተርታ ይመጣሉ። በስልክ ላይ ከሆነ ደግሞ ስልኩ ራሱ የሚጠቁማቸው ቃላትና የስሜት ምስሎች ይደባለቁበታል። ፓስወርድ እንዲህ አይደለም። አጭር ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከስምንት እስከ አሥራ ስድስት ምልክት ይሆናል። ክፍት ቦታ የለውም፣ ብዙ ጊዜ በትልቅ ፊደል ይጀምራል፣ ውስጡ ቁጥርና አንድ ሁለት ልዩ ምልክት አለው። እንዲህ የሚሆነው ፕሮግራሞቹ ራሳቸው ይህን ስለሚያስገድዱ ነው። የወር ስምና ዓመተ ምህረት ካለበትማ ብዙም አያጠራጥርም።

እኛ አገር አንድ ተጨማሪ መልክ አለ፤ ብዙ ሰው ስለማያውቀው ከሌሎቹ የበለጠ ያሳስበኛል። ሠራተኛዋ ቀደም ሲል በግሩፑ በአማርኛ ስትጽፍ ቆይታ ኪቦርዷን ወደ እንግሊዝኛ ሳትመልሰው ቀርታ ይሆናል። የግዕዝ ኪቦርዶች በአብዛኛው በድምፅ የሚሠሩ ናቸው፦ በላቲን ፊደል የሚጻፈውን ወደ ፊደላችን ይቀይሩታል። አናባቢ ያልተከተለው ተነባቢ ሳድስ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ፓስወርዷ የመጀመሪያው መስመር ቢሆን፣ በግሩፑ የሚታየው ሁለተኛው ነው፦

```
kt7!bgd
ክት7!ብግድ
```

አንባቢው «ክት ብግድ» ብሎ ምንም ትርጉም አያገኝለትምና የጣት ስህተት ነው ብሎ ያልፈዋል። ነገር ግን ሳድስ ፊደሎች ተደርድረው በመካከላቸው ቁጥርና ልዩ ምልክት ከገባ፣ በግዕዝ ኪቦርድ ያለፈ የላቲን ፓስወርድ ሊሆን እንደሚችል መጠርጠር ያስፈልጋል። ያንን ኪቦርድ የሚያውቅ ሰው በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ወደ ኋላ ይፈታዋል። ትርጉም አለማግኘታችን አይሸፍነውም።

በዓለም አቀፍ ድርጅቶችና በውጭ አገር መሥሪያ ቤቶች የሚሠሩ ወገኖቻችን ደግሞ ሌላ ዓይነት ያጋጥማቸዋል፦

```
ccccccjlkhvbgtndrficbeulkjhvnrtdgicfebuklhvt
```

ይህን የጻፈው ሰው ሳይሆን ላፕቶፑ ላይ የተሰካ ዩቢኪ የሚባል ትንሽ የደህንነት ቁልፍ ነው። ቁልፉ ለኮምፒውተሩ እንደ ኪቦርድ ስለሚታየው፣ ጣት ሲነካው 44 ፊደል ይጽፋል፤ መጨረሻ ላይም ራሱ ኢንተር ይጫናል። መልእክቱ ያለ ማንም ፈቃድ የሚሄደው ለዚህ ነው። የመጀመሪያዎቹ 12 ፊደሎች የቁልፉ መለያ ስለሆኑ አይለወጡም፤ የቀሩት 32 አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ኮድ ናቸው። ከፓስወርድ ጋር ሲነጻጸር አደጋው ትንሽ ነው፤ ኮዱን ያገኘ ሰው ዋናውን ፓስወርድም ማወቅ አለበት። መፍትሔውም ቀላል ነው፦ ባለቤቱ በዚያው ቁልፍ አንድ ጊዜ በትክክል ከገባ፣ አዲሱ ኮድ ሲረጋገጥ ከእሱ በፊት የወጣው ዋጋ ያጣል።

ወደ ሒሳብ ሠራተኛዋ እንመለስ። ባልደረባዋ በግሩፑ ውስጥ ሳይሆን ለብቻዋ፣ እንዲህ ብሎ ቢጽፍላት ጥሩ መልስ ሰጥቷል እላለሁ፦

«ሰላም እህቴ፣ እንዴት አመሸሽ? ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ተኩል ትንሽ አለፍ ሲል በክፍላችን ግሩፕ ከአንቺ አንድ መስመር ገብቷል። ሳታውቂው የሄደ መሰለኝ፤ ፓስወርድ ሊሆን ይችላል። አልገለበጥኩትም፣ ለማንም አልላክሁትም። አሁኑኑ ለሁሉም እንዲጠፋ አድርጊና ፓስወርዱን ቀይሪ። ምን እንደሆነ ለእኔ መንገር አያስፈልግሽም። የመዝጊያ ሰሞን ነው፣ በማንም ይደርሳል። በርቺ።»

በዚህ መልስ ውስጥ ድርድሩ አልተደገመም። «መስከረም ምናምን የሚለው ያንቺ ነው?» ብሎ መጠየቅ ሁለተኛ ቅጂ መፍጠር ነው። በግሩፑ ውስጥ መልእክቱን ጠቅሶ መመለስም እንደዚያው ነው፤ በዋትስአፕ ለምሳሌ ዋናው ከጠፋ በኋላ እንኳ የተጠቀሰው ጽሑፍ በመልሱ ላይ ይቀራል። የስክሪን ፎቶ አንስቶ መላክ ደግሞ በሌላ ሰው ስልክ ላይ ማስቀመጥ ነው። መልሱ ሰዓቱንና ቦታውን ብቻ ስለሚጠቅስ እሷ በቀላሉ ታገኘዋለች።

ሊንክም የለበትም። ይህ በጣም አስፈላጊ ነው፤ «ፓስወርድሽ ወጥቷል፣ እዚህ ገብተሽ ቀይሪ» የሚል መልእክት የአጭበርባሪዎች የታወቀ መንገድ ነውና። እውነተኛ ባልደረባ ምን እንደሆነ ይናገራል፣ የመቀየሪያውን በር ግን ራሷ በለመደችው መንገድ እንድትከፍት ይተዋል። ምን እንደነበር አለመጠየቁም ለእርሷ ክብር ብቻ አይደለም፤ ነገ አንድ ነገር ቢፈጠር፣ አላወቅሁም ማለት የሚችል ሰው መሆኑ ለሁለቱም ይጠቅማል። ቃሉ ይሠራ እንደሆነ መሞከርስ? በጭራሽ። ለመርዳት ብሎም ቢሆን በሰው ስም መግባት ነው፤ የፕሮግራሙ መዝገብም ያንን ይይዛል።

መልእክቱን ካላየችው ይደወል ወይስ እስኪነጋ ይጠበቅ? ግሩፑ ውስጥ ያሉት አብረዋት የሚሠሩ ጥቂት ሰዎች ከሆኑ መጠበቅ ይቻላል። አቅራቢ ነጋዴ፣ ደንበኛ ወይም ሥራ የለቀቀ ሰው ካለበት፣ ፓስወርዱም ክፍያ የሚያጸድቅ ከሆነ ግን መደወል ይገባል። እኛ ዘንድ በሌሊት የሚጮኽ ስልክ መርዶ ያስመስላልና የመጀመሪያው ቃል «ሁሉም ደህና ነው፣ የሥራ ጉዳይ ነው» መሆን አለበት። ለታላቅ ሰው ከሆነ ደግሞ «ይቅርታ ጋሼ፣ በሌሊት ረበሽኩዎት፣ ሁሉም ደህና ነው» ተብሎ ይጀመራል። ስልኳ ከተዘጋ የግሩፑ አስተዳዳሪ መልእክቱን ማጥፋት ይችላል፤ ለእሱም «ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ተኩል በኋላ የገባውን መልእክት አጥፋልን» ማለት ይበቃል።

ማጥፋቱ የሁለት ሰከንድ ሥራ ስለሆነ ይቅደም፤ መፍትሔ ነው ብሎ መተኛት ግን ስህተት ነው። ዋትስአፕ ለሁሉም የማጥፋት ዕድል የሚሰጠው ከሁለት ቀን ለጥቂት ላለፈ ጊዜ ሲሆን፣ በቦታው መልእክት እንደጠፋ የሚናገር ምልክት ይተዋል። ቴሌግራም በውይይቱ ውስጥ እንዲህ ያለ ምልክት አይተውም። በሁለቱም ግን መልእክቱ ከመጥፋቱ በፊት በብዙ ስልኮች የተቆለፈ ስክሪን ላይ ብቅ ብሎ ይሆናል፤ ያየውን ሰው ዓይን ማንም መልሶ ሊያጠፋ አይችልም። ስለዚህ ፓስወርዱ እንደታወቀ ቆጥሮ መቀየር ነው ትክክለኛው ሥራ።

አቀያየሩ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሰናከለው። የድሮው ከነዓመቱ ታይቷልና Meskerem#2015 ወይም Tikimt#2014 ማድረግ ምንም እንዳለመቀየር ነው። ይህ ልማድ የመጣው በየሦስት ወሩ ቀይሩ ከሚሉ ፕሮግራሞች ነው፤ ሰው ሲሰለቸው ወሩን እያፈራረቀ ይኖራል። የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ፓስወርድ በየጊዜው እንዲቀየር ማስገደዱ እንዲቀርና ለሌላ ሰው እንደታወቀ ማስረጃ ሲኖር ግን እንዲቀየር መክሯል። የዛሬው ሌሊት ማስረጃው ነው። አዲሱ እርስ በርስ የማይገናኙ አራት አምስት ቃላት ቢሆን ረጅምም፣ ለማስታወስ ቀላልም ይሆናል። ያንኑ ፓስወርድ ለኢሜይሏ ተጠቅማበት ከሆነ ደግሞ ከሒሳብ ፕሮግራሙ ቀድሞ የሚቀየረው ኢሜይሉ ነው፤ የሌሎቹ ሁሉ መመለሻ በእሱ በኩል ይላካልና።

ሲነጋ ሁለት ነገር ይቀራታል። ፕሮግራሙ ማን መቼ እንደገባ የሚመዘግብ ከሆነ፣ መልእክቱ ከሄደበት ሰዓት ጀምሮ ያለውን ከኮምፒውተር ክፍል ባለሙያ ጋር ማየት አለባት፤ እርሷ ያልገባችበት ሰዓት ከታየ ጉዳዩ ለኃላፊዋ መቅረብ አለበት። ሌላው በየመሥሪያ ቤቱ የማየው ችግር ነው፦ አንድ የፕሮግራም ስምና ፓስወርድ ሦስት አራት ሰው ይጋራል። እንዲያ ከሆነ ሌሎቹ ጠዋት ሲሞክሩ በሩ ይዘጋባቸዋል፤ አንዱም ተቸኩሎ «አዲሱን በግሩፕ ላኪልን» ይላታል። መላክ የለባትም። በአካል አግኝታ ትንገራቸው፤ ከዚያም ለኮምፒውተር ክፍሉ ለእያንዳንዱ የየራሱ መግቢያ እንዲከፈት ጥያቄ ታቅርብ።