ጎበዞቹ የሳቱት ጥያቄ

ፈተና ታርሞ ውጤት ከተነገረ በኋላ የመልስ ወረቀቶቹ ለተማሪዎች ይመለሳሉ ወይም ታስረው መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣሉ። ወረቀቶቹ ግን ስለ ጥያቄዎቹም ብዙ ይናገራሉ። የትኛው ጥያቄ የሚያውቀውን ከማያውቀው እንደለየ፣ የትኛው ደግሞ ያወቀውን ተማሪ እንደጎዳ ከእነሱ ላይ ቆጥሮ ማወቅ ይቻላል። ለዚህ ሁለት ቁጥሮች ይበቃሉ፤ የጥያቄው ቅለትና የመለየት አቅሙ።

ለምሳሌ ያህል 60 ተማሪዎች ያሉበትን የ8ኛ ክፍል የሳይንስ ፈተና እንውሰድ። 40 የምርጫ ጥያቄዎች አሉት። ከመካከላቸው አንዱ እንዲህ ይላል፦ «ኦክስጅን የበዛበትን ደም የሚሸከመው የደም ሥር የትኛው ነው?» አማራጮቹ (ሀ) የሳንባ ደም ቅዳ፣ (ለ) አኦርታ፣ (ሐ) ቬና ካቫ እና (መ) የሳንባ ደም መልስ ናቸው። መምህሩ በመልስ ቁልፉ ላይ «ለ» ብለው ጽፈዋል።

መጀመሪያ የሚወጣው ቅለት ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ በትክክል የመለሱት ለተፈተኑት ሁሉ ይካፈላል። ጥያቄውን 25 ተማሪዎች አግኝተውታል እንበል። 25 ለ60 ሲካፈል 0.42 ይመጣል። ቁጥሩ ወደ 1 ሲጠጋ ጥያቄው ቀላል ነበር ማለት ነው፤ ወደ 0 ሲወርድ ደግሞ ከባድ። አራት አማራጭ ባለው ጥያቄ በግምት ብቻ 0.25 አካባቢ ስለሚገኝ ከዚያ የወረደ ቁጥር ወዲያውኑ ያጠራጥራል። 0.42 ግን ምንም የሚያስደነግጥ ነገር የለውም። ትንሽ ከበድ ያለ፣ ጤነኛ ጥያቄ ይመስላል። ብዙ መምህራን እዚህ ላይ ያቆማሉ፤ ችግሩም የሚደበቀው እዚሁ ላይ ነው።

ሁለተኛው ቁጥር የሚጠይቀው እነማን አገኙት ብሎ ነው። መምህሩ 60ዎቹን ወረቀቶች በጠቅላላ ውጤት ከከፍተኛው ወደ ዝቅተኛው ይደረድራሉ። ከዚያ ከላይ 27 በመቶውን፣ ከታችም 27 በመቶውን ያነሳሉ፤ በዚህ ክፍል ከላይ 16፣ ከታች 16 ወረቀት ይሆናል። መካከለኞቹ ለጊዜው ይቀመጣሉ። 27 በመቶ የሚለው መጠን በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም። አሜሪካዊው የሥነ ልቦናና የስታቲስቲክስ ምሁር ትሩማን ኬሊ በ1939 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሁለቱ ቡድኖች በደንብ እንዲራራቁም በቂ ሰው እንዲኖራቸውም የሚሻለው መጠን ይህ መሆኑን በስሌት አሳይቷል።

አሁን በሁለቱ ክምሮች ውስጥ «ለ» ያሉት ይቆጠራሉ። ከላይኞቹ 5፣ ከታችኞቹ 8 ሆኑ እንበል። የመለየት አቅም የሚባለው ልዩነቱ ለአንዱ ቡድን ብዛት ሲካፈል ነው፦ (5 − 8) ÷ 16 = −0.19። በፈተና ዝግጅት መጻሕፍቱ የሚታወቀው ሮበርት ኢብል ባስቀመጠው መለኪያ 0.40 እና ከዚያ በላይ ያመጣ ጥያቄ በጣም ጥሩ ነው፤ ከ0.20 በታች የሆነው ይጣላል ወይም ይሻሻላል። ከዜሮ በታች መውረድ ደግሞ የባሰ ነው። በሌሎቹ ጥያቄዎች ጎበዝ የሆኑት እዚህ ላይ ሲሳሳቱ፣ ደካሞቹ ነጥብ አግኝተዋል ማለት ነው።

ቁጥሩ የታመመውን ጥያቄ ይጠቁማል እንጂ በሽታውን አይናገርም። ለዚህ እያንዳንዱን አማራጭ ስንት ተማሪ እንደመረጠው መቁጠር ያስፈልጋል። ከላይኞቹ 16 ተማሪዎች 10ሩ «መ» ብለዋል፣ አንዱ «ሀ»፣ «ሐ» ያለ የለም። ከታችኞቹ «መ» ያለው አንድ ብቻ ነው፤ 5ቱ «ሀ»፣ 2ቱ «ሐ» ብለዋል። እዚህ ላይ ነገሩ ይገለጣል። ከሳንባ ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ኦክስጅን የበዛበት ነው፤ የሚመለሰውም በሳንባ ደም መልስ ነው። ስለዚህ «መ»ም እንደ «ለ» ትክክል ነው። ጥያቄው ሁለት መልስ ነበረው።

ጎበዞቹ ወደ «መ» የሄዱበት ምክንያትም ግልጽ ነው። ደም መልስ አብዛኛውን ጊዜ ኦክስጅን ያነሰበትን ደም እንደሚሸከም፣ የሳንባው ግን ከዚህ የተለየ መሆኑን ተምረዋል። መምህሩ ሊያጠምዱን የፈለጉት በዚህ ነው ብለው አሰቡ። «ደም ቅዳ ኦክስጅን ይሸከማል» የምትለዋን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ የሸመደደው ተማሪ ግን በቀጥታ አኦርታን አገኘ፤ በዚያችው ሽምደዳ «ሀ» ብሎ የወደቀም አለ። ይህ ጥያቄ ጠለቅ ብሎ ማጥናትን ቀጥቷል።

በቁልፉ ላይ ፊደል ተሳስቶ ቢሆን ኖሮ መልኩ ይለይ ነበር። ያኔ ላይኞቹ ሁሉም ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ አንድ ሌላ አማራጭ ላይ ይሰበሰባሉ፤ ቁልፉ ያለበት ፊደል ባዶውን ይቀራል። ጎበዞቹ በሁለት አማራጮች ከተከፈሉ ግን መጠርጠር ያለበት የጥያቄው አነጋገር ነው።

ታዲያ የተሰጠው ነጥብ ምን ይሁን? ጥያቄውን ሰርዞ ከ39 ማረም ይቻላል፤ ግን «ለ» ያለው ተማሪ ያገኘውን ነጥብ ያጣል። ለሁሉም ነጥቡን መስጠት ደግሞ «ሐ» ያለውንም ይጠቅማል። እዚህ ላይ ትክክሉ ሁለቱንም መልሶች ተቀብሎ እንደገና ማረም ነው። ስረዛ የሚገባው ትክክለኛ መልስ ለሌለው፣ ወይም ምን እንደጠየቀ ለማይታወቅ ጥያቄ ነው። ለሚቀጥለው ፈተና ጥያቄው እንዲህ ሊታረም ይችላል፦ «ኦክስጅን የበዛበትን ደም ከሳንባ ወደ ልብ የሚመልሰው የትኛው ነው?» አማራጮቹ ሳይነኩ መልሱ «መ» ብቻ ሆነ።

ዝቅተኛ ቁጥር ሁሉ ግን ጥፋት አይደለም። «ደምን ወደ መላ ሰውነት የሚረጨው አካል የትኛው ነው?» ለሚል ጥያቄ 58 ተማሪዎች ቢመልሱ ቅለቱ 0.97 ነው። ሁሉም ካገኘው መለየት አይችልም፤ የመለየት አቅሙ ዜሮ አካባቢ መሆኑ ግድ ነው። ተማሪው ይህን ማወቁን ማረጋገጥ ካስፈለገ ጥያቄው ይቆይ። ሌላው ጥንቃቄ የተማሪው ቁጥር ማነስ ነው። 16 ሰው ባለበት ቡድን አንድ ተማሪ ሐሳቡን ቢቀይር ውጤቱ በ0.06 ይለወጣል። ስለዚህ 0.18 ያመጣን ጥያቄ ሳያነቡ መጣል፣ 0.22 ያመጣውን ሳያዩ ማለፍ ተገቢ አይደለም።

ከዚህ የከፋው ግን ጎበዞቹም ከአዘጋጁ ጋር አብረው ሲሳሳቱ ነው። በጥቅምት 1980 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በተሰጠ የቅድመ ኮሌጅ ፈተና ላይ ስለ ሁለት ፒራሚዶች የሚጠይቅ ጥያቄ ነበር፤ የአንዱ መሠረት አራት ማዕዘን፣ የሌላው ሦስት ማዕዘን ነው፤ ጠርዞቻቸው ሁሉ እኩል ናቸው። በሦስት ማዕዘን ገጻቸው ቢጣበቁ ስንት ገጽ ይቀራል? ቁልፉ 7 ይል ነበር፤ 5 እና 4 ሲደመር 9፣ የተጣበቁት ሁለቱ ሲቀነሱ 7። ዳንኤል ሎዌን የተባለ የፍሎሪዳ ተማሪ 5 ብሎ ተሳስተሃል ተባለ። ሞዴል ሠርቶ ሲያየው በመጣበቂያው ግራና ቀኝ ያሉት ገጾች ተጋጥመው አንድ ወጥ ገጽ ይሆናሉ፤ መልሱም 5 ነው። ፈተናውን ያዘጋጀው ተቋም ስህተቱን ተቀብሎ ወደ 240,000 የሚጠጉ ተማሪዎችን ውጤት ከፍ አደረገ። ብዙ ጎበዝ ተማሪ እንደ አዘጋጆቹ 9 ሲቀነስ 2 ብሎ ካሰበ፣ እንዲህ ያለው ጥያቄ በቅለቱም በመለየት አቅሙም ጤነኛ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ አንድ ተማሪ መልሱን ይዞ አቤት ሲል፣ የጥያቄው ቁጥሮች ምንም ያህል ቢያምሩ ጥያቄውን እንደገና አንስቶ መሥራት የመምህሩ ድርሻ ነው።