የዱቤ ዕድሜ፦ ከተሰብሳቢው ውስጥ የማይመጣው ስንት ነው?

እንጅባራ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ፣ የቻግኒው መንገድ ከሚገነጠልበት ቦታ ያለች ከተማ ናት። እዚያ ሲሚንቶ፣ ቆርቆሮና ብረት የሚያከፋፍል አንድ ነጋዴ እናስብ። ደንበኞቹ ሦስት ዓይነት ናቸው፦ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ የሕንፃ ተቋራጮች፣ እንዲሁም ዳንግላና አዲስ ቅዳም ውስጥ ሱቅ ያላቸው ቸርቻሪዎች። ሁሉም በ30 ቀን ዱቤ ይወስዳሉ። ሰኔ 30 ቀን 2016 ዓ.ም. ሂሳቡ ሲዘጋ ተሰብሳቢው 1,000,000 ብር ሆነ። ሰውና አኃዙ ለማሳያ የተፈጠሩ ናቸው፤ ጥያቄው ግን በዱቤ የሚሸጥ ሁሉ የሚገጥመው ነው። ከዚህ ገንዘብ እጁ የሚገባው ስንቱ ነው?

መልሱ የሚጀምረው የሒሳብ ሠራተኞች «ኤጂንግ» ከሚሉት ዝርዝር ነው። ያልተከፈለ ደረሰኝ ሁሉ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ ስንት ቀን እንዳለፈው ይቆጠርና በየዕድሜው ይደለደላል። ቆጠራው በእኛ አቆጣጠር ቀላል ነው። መጋቢት 15 መከፈል የነበረበት ዱቤ ሰኔ 15 ላይ 90 ቀን፣ ሰኔ 30 ላይ 105 ቀን ያልፈዋል፤ ከጳጉሜ በቀር ወሩ ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ በቃል ይሰላል። ኤክሴል ግን የእኛን አቆጣጠር አያውቅም፤ ቀኑ ወደ ፈረንጅ ተቀይሮ መግባት አለበት። መክፈያው ቀን በሲ ዓምድ ካለ ቀመሩ ይህ ነው፦

```
=DATE(2024,7,7)-C2
```

የነጋዴው ዝርዝር እንዲህ ወጣ። ቀኑ ገና ያልደረሰ 480,000 ብር፤ እስከ 30 ቀን ያለፈው 200,000፤ ከ31 እስከ 60 ቀን 120,000፤ ከ61 እስከ 90 ቀን 80,000፤ ከ90 ቀን በላይ ደግሞ 120,000።

ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ዕድሜ ስንት በመቶ እንደሚጠፋ መገመት ይመጣል። ብዙዎች እዚህ ላይ ከሌላ ድርጅት የሰሙትን መቶኛ ይለጥፋሉ። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው፤ መቶኛው ያለው የራስ ደብተር ውስጥ ነው። ነጋዴው ታሪኩ ያለቀለትን አንድ የቆየ ዓመት ይመርጣል። በዚያ ዓመት 3,000,000 ብር በዱቤ ሸጦ ነበር እንበል፤ ከዚያ ውስጥ ፈጽሞ ያልተሰበሰበው 30,000 ብር ነው። አሁን የዚያን ዓመት ሽያጭ ደረጃ በደረጃ ይከተለዋል። በቀኑ ሳይከፈል የቀረው 1,000,000 ብር ነበር። 30 ቀን አልፎትም ያልተከፈለው 375,000፣ 60 ቀን ያለፈው 150,000፣ 90 ቀን ያለፈው 60,000 ብር ነበር።

የጠፋው ገንዘብ በሁሉም ደረጃ ያው 30,000 ነው፤ እየቀነሰ የሚሄደው የሚካፈልበት ነው። 30,000 ለ3,000,000 ሲካፈል 1 በመቶ፣ ለ1,000,000 ሲካፈል 3 በመቶ፣ ከዚያም 8፣ 20፣ በመጨረሻም 50 በመቶ ይሆናል። ዕዳ ሲያረጅ ግምቱ የሚከብደው የሚከፍሉት እየከፈሉ ስለሚወጡና የማይከፍለው ወደ ኋላ ስለሚቀር ነው።

መቶኛዎቹን በዘንድሮው ዝርዝር ላይ ስናሳርፋቸው 4,800፣ 6,000፣ 9,600፣ 16,000 እና 60,000 ብር እናገኛለን፤ ድምሩ 96,400 ነው። ለአጠራጣሪ ተሰብሳቢ የሚያዘው መጠባበቂያ የመጀመሪያ ግምት ይህ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ያቆማል፤ ለእኔ ግን ዋናው ሥራ ገና መጀመሩ ነው።

በመጀመሪያ ዝርዝሩ ራሱ እውነት መሆኑ ይጣራ። አገር ውስጥ ደጋግሞ የሚያሳስተው ተቀንሶ የሚቀር ግብር ነው። መሥሪያ ቤቱ የ50,000 ብር ዕቃ ገዝቶ፣ ለረጅም ዓመታት በሠራበት የ2 በመቶ ስሌት 1,000 ብር ቀንሶ ቀሪውን ይከፍላል። የቀናሹ ደረሰኝ በደብተሩ ካልተመዘገበ ያ 1,000 ብር እንዳልተከፈለ ሆኖ ያረጃል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ከ90 ቀን በላይ ያሉት ቁርጥራጭ ቀሪዎች ሁሉ ከየደረሰኛቸው ጋር አንድ ዓይነት ምጣኔ አላቸው። ይህ ለመንግሥት የተከፈለ ግብር እንጂ የጠፋ ገንዘብ አይደለም። የባሰው ደግሞ የቆየ የዱቤ ደረሰኝ ተሰርዞ በአዲስ ቀን ሲተካ ነው፤ ያኔ ያረጀው ዕዳ ገና እንደተወለደ ይቆጠራል። አንድ ደንበኛ ወር በወር ተመሳሳይ ቀሪ ይዞ «ቀኑ ያልደረሰ» ውስጥ ከታየ የቀድሞ ደረሰኞቹ ይመርመሩ።

ከዚያ ባለዕዳዎቹ ይለያዩ። ከ90 ቀን በላይ ካለው 120,000 ብር ውስጥ 70,000ው የአንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ዕዳ ነው እንበል፤ ቀሪው 50,000 ሥራው የቆመበትና ስልክ የማያነሳ የአንድ ተቋራጭ ነው። የመንግሥት በጀት ሰኔ 30 ያበቃል። ከዚያ በፊት ያልተከፈለ ሒሳብ በአዲሱ ዓመት በጀት እስኪገኝለት ሊቆይ ይችላል፤ ስለዚህ እዚህ ወሳኙ የቀኑ ብዛት ሳይሆን ወረቀቱ ነው። ዕቃው በሞዴል 19 ገቢ ሆኖ የንብረት ክፍሉ ፈርሞበታል? ከሆነ ዕዳው ዘግይቶም ቢሆን ይመጣል። ካልሆነ ግን የ20 ቀኑም ያሰጋኛል። ወረቀቱ ስለተሟላ ለጽሕፈት ቤቱ 10 በመቶ፣ ለተቋራጩ 90 በመቶ ብንይዝ 7,000 እና 45,000፣ በጠቅላላው 52,000 ብር ይሆናል። ጠቅላላ ግምቱም ወደ 88,400 ይወርዳል።

በመጨረሻም የቀድሞው ታሪክ ዛሬን ይገልጽ እንደሆነ ይጠየቅ። አዲስ ቅዳም የፋግታ ለኮማ ወረዳ ከተማ ናት። የአካባቢው ገበሬ ዲከረንስ የሚባለውን ግራር ተክሎ ከሰል እያከሰለ ሲሸጥ፣ ቆርቆሮ የሚገዛውም ከዚያ በሚያገኘው ገንዘብ ነበር። በቅርብ ዓመታት ዛፉን በሽታ መታው። የአዲስ ቅዳም ቸርቻሪ እስካሁን በቀኑ የሚከፍል ቢሆንም የገዢው ኪስ ሳስቷል። ቀኑ ካልደረሰው ውስጥ 150,000 ብሩ የእነዚህ ሱቆች ከሆነ 1 በመቶው ወደ 5 ከፍ ይበል፤ 1,500 የነበረው 7,500 ይሆናል፤ ጠቅላላው 94,400። ቁጥሩ ከመነሻው ብዙም አልራቀም፤ ከበስተጀርባው ያለው ግን ሌላ ነው፤ አሁን ነጋዴው የትኛው ደጃፍ መሄድ እንዳለበት ያውቃል። ካለፈው ዓመት የተያዘ 60,000 ካለው የዘንድሮ ወጪው ልዩነቱ ብቻ ነው፤ 34,400 ብር።

ገና ሳይዘገይ ወደፊት የሚጠፋውን መገመት፣ በአዋጅ ቁጥር 847/2006 መሠረት ሙሉውን ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ ለሚከተሉ ድርጅቶች ግዴታ ነው፤ ደንቡ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጠፋ ምልክት እስኪታይ መጠበቅን አስቀርቷል። ለግብር ግን ግምት አይበቃም። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 የማይሰበሰብ ዕዳን ከገቢ ለመቀነስ ገንዘቡ ቀድሞ በገቢነት ተይዞ፣ ዕዳው ከመዝገብ ተሰርዞ፣ ለማስከፈልም ተገቢው ጥረት ሁሉ ተደርጎ እንዲሆን ይጠይቃል። የተላኩት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤዎች ግልባጭ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

መሰረዝ ዕዳውን ምሕረት ማድረግ አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1845 መሠረት፣ ሌላ የተለየ ድንጋጌ ከሌለ፣ የመጠየቂያው ጊዜ 10 ዓመት ነው። ተቋራጩ አንድ ቀን መጥቶ 5,000 ብር ብቻ ቢከፍል፣ ዕዳውን አምኗልና የ10 ዓመቱ ቆጠራ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል።