ማክሰኞና ሐሙስ የወደቁት ኮርሶች

አሜሪካ ውስጥ ኮሌጅ የሚማር ልጅ ከትምህርት ሲሰናበት የሚደርሰው ደብዳቤ አጭር ነው። አጠቃላይ ውጤቱ ከ2.00 በታች መሆኑን፣ ፕሮቤሽን ላይ ቆይቶም አለመሻሻሉን፣ ይግባኝ ማለት የሚችለውም እስከ የትኛው ቀን እንደሆነ ይገልጻል። ቀኑ ብዙ ጊዜ ቅርብ ነው። ደብዳቤው የሚመጣው በትምህርት ቤቱ ኢሜይል ስለሆነም፣ ተስፋ ቆርጦ ኢሜይሉን መክፈት የተወ ልጅ የሚያየው ቀኑ ካለፈ በኋላ ሊሆን ይችላል።

የወደቀው እናቱን ወይም አባቱን ሲያስታምም ከሆነ ነገሩ ሌላ ክብደት አለው። «በአንቺ ሕመም ምክንያት ከትምህርት ተባረርኩ» ብሎ ለታመመች እናቱ የሚናገር ልጅ የለም። ለመምህሩም አልተናገረም፤ የቤትን ችግር ውጭ ማውጣት ነውር ነው ተብሎ አድጓል። ስለዚህ የይግባኙ ደብዳቤ፣ ልጁ ያለፈበትን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የሚናገርበት ወረቀት ይሆናል። ያን ወረቀት ደግሞ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ በእንግሊዝኛ፣ ለማያውቃቸው ሰዎች መጻፍ አለበት።

ይግባኙን የሚያየው ኮሚቴ በመሠረቱ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦ ምን ሆነ? አሁን ምን ተለወጠ? ወላጅ የሞተበት ልጅ ለሁለቱም የሚያሳየው ቀን አለው። ረጅም ሕመም ግን እንዲህ ያለ ቁርጥ ቀን የለውም። ቀስ ብሎ ይጀምራል፣ ይሻላል፣ ይመለሳል፤ ይግባኙ በሚጻፍበት ዕለትም እናት ገና ታማ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከባዱ ሁለተኛው ጥያቄ ነው፤ ብዙ ደብዳቤ የሚወድቀውም እዚያ ላይ ነው።

ለማሳያ፣ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ከእናቱና ከእህቱ ጋር የሚኖር አንድ ተማሪ እናስብ። በመጀመሪያው ዓመት 30 ክሬዲት ወስዶ 2.50 አመጣ። በሁለተኛው ዓመት ኦክቶበር ላይ የእናቱ ኩላሊት መሥራት አቆመና ሆስፒታል ገቡ። በዚያ ሴሚስተር ከወሰዳቸው አምስት ኮርሶች አንድ ሲ፣ ሁለት ዲ፣ ሁለት ኤፍ አገኘ። አጠቃላይ ውጤቱ 1.93 ሆነ፤ ፕሮቤሽን ገባ። ከጃንዋሪ ጀምሮ እናቱ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ የኩላሊት እጥበት ያደርጉ ጀመር። እጥበቱ ብቻውን አራት ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ መንገዱና ከዚያ በኋላ የሚመጣው ድካም ሲጨመር ቀኑ አለቀ ማለት ነው። ልጁ በዚያ ሴሚስተር አራት ኮርስ ወሰደ፤ አንድ ቢ፣ አንድ ሲ፣ ሁለት ኤፍ። ውጤቱ 1.79 ደረሰና ተሰናበተ።

እኛ ማመልከቻ ስንጽፍ ልመናውን ማስቀደም ለምደናል። ይህ ልጅ ብቻውን ተቀምጦ ቢጽፍ በመጀመሪያው ገጽ የምናገኘው ምናልባት እንዲህ ያለ ነገር ነው፦ «እናቴ በጠና በመታመሟ ከፍተኛ ጭንቀት ውስጥ ነበርኩ። ትምህርት ሕይወቴ ነው። እባካችሁ አንድ ዕድል ስጡኝ፤ ጠንክሬ ለመማር ቃል እገባለሁ።» አንዱም ውሸት አይደለም። ነገር ግን ኮሚቴው ይህን ደብዳቤ የሚያነበው ትራንስክሪፕቱን አጠገቡ አድርጎ ነው፤ ሁለቱን የሚያገናኝ ነገርም አያገኝም። የታመሙት መቼ ነው? ሁለቱ ኮርሶች ወድቀው ሁለቱ ለምን ታለፉ? ለምን በጊዜው አላቋረጠም?

የሚሠራው ደብዳቤ የሕመሙን ቀኖች ከኮርሶቹ ጋር አጠገብ ለአጠገብ ያስቀምጣል። በአማርኛ ብናስቀምጠው እንዲህ ይሆናል፦

«እናቴ ኦክቶበር 14 ሆስፒታል ገብታ አምስት ሳምንት ተኛች። ከጃንዋሪ ጀምሮ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ የኩላሊት እጥበት ታደርጋለች። የሚያመላልሳትም፣ ለሐኪሞቹ የሚያስተረጉምላትም እኔ ነበርኩ። በዚያ ሴሚስተር ሰኞና ረቡዕ የነበሩኝን ሁለት ኮርሶች በቢና በሲ አለፍኩ። ማክሰኞና ሐሙስ በነበሩኝ ሁለት ኮርሶች ወደቅሁ። ከማቋረጫው ቀን በፊት ማቋረጥ ነበረብኝ። ክሬዲቴ ከቀነሰ የገንዘብ እርዳታዬ የሚቆም ስለመሰለኝ ማንንም ሳልጠይቅ ቀጠልኩ።»

ቅጽል እንኳ የሌለበት ጽሑፍ ነው፤ ግን ልጁ የት እንደነበረ ያሳያል። ከሁሉ የሚጠቅመው የሰኞና ረቡዕ ነገር ነው። ትራንስክሪፕቱ ራሱ ምስክር ሆነለት፤ ክፍል ሲገባ ማለፍ የሚችል ተማሪ መሆኑን ኮሚቴው ከራሱ መዝገብ ያነባል። እንዲህ ያለ ነገር በብዙዎቹ ውጤት ውስጥ ይገኛል፤ የክፍል ፕሮግራሙንና የሕክምና ቀጠሮዎቹን ጎን ለጎን ዘርግቶ መፈለግ ይጠይቃል። የመጨረሻውም ዓረፍተ ነገር መቅረት የለበትም። ኮሚቴው ለምን እንዳላቋረጠ መጠየቁ አይቀርም፤ እውነተኛውን ምክንያት ራሱ ቀድሞ ቢናገር ይሻለዋል።

ቀጥሎ ማስረጃ አለ። ብዙ ልጆች የሐኪም ወረቀት ያመጣሉ፤ ወረቀቱ የበሽታውን ስም ይናገርና ልጁን አያነሳም። የሚፈለገው ሕክምናው መቼ እንደተጀመረ፣ በሳምንት ስንት ቀን እንደሆነና ልጁ ምን ይሠራ እንደነበር የሚገልጽ ደብዳቤ ነው። ይህን ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ከሐኪሙ ይልቅ ማኅበራዊ ሠራተኛዋ ትቀርባለች፤ ሜዲኬር የሚቀበላቸው የኩላሊት እጥበት ማዕከላት ሁሉ ማኅበራዊ ሠራተኛ እንዲኖራቸው በደንብ ይገደዳሉ። ልጁን በየሳምንቱ እናቱን ይዞ ሲገባ ታየዋለች። ይሁንና የሕክምና መረጃ በሕግ የተጠበቀ ስለሆነ ደብዳቤው እንዲወጣ እናትየው መፈረም አለባቸው። ይህ ማለት ልጁ ለእናቱ መናገር አለበት ማለት ነው። ቤት ውስጥ ከሁሉ የሚከብደው እርምጃ ይህ ይመስለኛል፤ ግን እናቶች እንዲህ ያለውን ነገር ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከልጃቸው ቢሰሙት ይመርጣሉ።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ። እናት አልዳኑም፤ እጥበቱ ይቀጥላል። ታዲያ ምን ተለወጠ? «አሁን ተሽሏታል» ብሎ መጻፍ፣ ከማዕከሉ ከመጣው ደብዳቤ ጋር የሚጋጭ ውሸት ነው። መልሱ ያለው ልጁ ተሸክሟቸው በነበሩት ሥራዎች ላይ ነው፤ አንድ በአንድ ለማን እንደተላለፉ ይጻፋል። ማስተርጎሙን እንውሰድ። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች እንግሊዝኛ ለማይችል ታካሚ አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፤ የአማርኛ አስተርጓሚ ብዙ ጊዜ በስልክ ይገኛል። ስለዚህ ልጁ እናቱ ከአሁን በኋላ አስተርጓሚ እንዲመደብላቸው መጠየቃቸውን ይጽፋል። ማመላለሱንም እንውሰድ። ሜዲኬድ ያለው ታካሚ ወደ ሕክምና የሚወስደው ትራንስፖርት የማግኘት መብት አለው። ማመልከቻው ከገባ የገባበትን ቀን፣ ከተፈቀደ የፈቃዱን ወረቀት ያያይዛል። ቅዳሜን እህቱ ከወሰደች፣ በሁለት መስመር የጻፈችውና የፈረመችው ወረቀት ይበቃል። እነዚህን ነገሮች ማድረግ ያለበት ደብዳቤውን ከመጻፉ በፊት ነው፤ «አደርጋለሁ» እና «አድርጌያለሁ» በኮሚቴው ዓይን በጣም የተራራቁ ናቸው።

ከዚያ የትምህርት ዕቅዱ ይመጣል፤ እዚህ ጋ ትንሽ ሒሳብ ያስፈልጋል። ቢ 3፣ ሲ 2፣ ዲ 1 ነጥብ አለው፤ ኤፍ ምንም የለውም፤ ነጥቡ በክሬዲቱ ይባዛል። ልጁ በ57 ክሬዲት ያለው 102 ነጥብ ነው። 2.00 ለመድረስ 114 ያስፈልገው ነበር፤ ስለዚህ የጎደለው 12 ነጥብ ነው። ሰኞና ረቡዕ ብቻ፣ 6 ክሬዲት ሊወስድ ያስባል፤ ከወደቀባቸው ሁለቱን እንደገና። ሁለቱንም በቢ ቢያልፍ፣ አዲሱ ውጤት አሮጌውን በሚተካበት ኮሌጅ 2.11 ይደርሳል፤ በአንድ ሴሚስተር ይወጣል ማለት ነው። ሁለቱም ውጤቶች በሚቆጠሩበት ኮሌጅ ግን የሚደርሰው 1.90 ብቻ ነው፤ 2.00 ላይ ለመቆም ሌላ 6 ክሬዲት በቢ ማለፍ ይኖርበታል። በዚህኛው ኮሌጅ «በአንድ ሴሚስተር አስተካክላለሁ» ብሎ የጻፈ ልጅ ሒሳቡን እንዳልሠራ ወዲያው ይታወቅበታል። የጠፋውን ለማካካስ 15 ክሬዲት የሚጠይቅም አለ። ፍላጎቱ ይገባኛል፤ ግን በአራት ኮርስ የወደቀ ልጅ አምስት ሲጠይቅ ኮሚቴው ምንም እንዳልተለወጠ ነው የሚያነበው።

አንድ ነገር ብዙ ቤተሰብ ያስደነግጣል። ኮሌጁ ልጁን መልሶ ሊቀበለው፣ የገንዘብ እርዳታው ግን እንደተዘጋ ሊቀር ይችላል። ለእርዳታው ቢሮ የሚጻፈው ይግባኝ ሌላ ነው፤ ቅጹም፣ የማስገቢያ ቀኑም የተለየ ነው። ያ ቢሮ ከውጤቱ ሌላ ከተሞከረው ክሬዲት ምን ያህሉ እንደታለፈ ያያል፤ ብዙ ኮሌጆች የሚጠብቁት 67 በመቶ ነው። የእኛ ልጅ ከ57 ክሬዲት 45ቱን ስላለፈ 79 በመቶ ላይ ነው፤ ችግሩ ውጤቱ ብቻ መሆኑን ደብዳቤው ላይ ሊጠቅስ ይችላል። የፌዴራሉ ደንብ ለይግባኝ ምክንያት ብሎ በስም የሚጠራው የዘመድ ሞትንና የተማሪውን የራሱን ሕመም ወይም ጉዳት ነው፤ የወላጅ ሕመም የሚገባው «ሌላ ልዩ ሁኔታ» በሚለው ውስጥ ነው። ስለዚህ ልዩ የሚያደርገውን ነገር ዘርዝሮ መጻፍ የግድ ነው።

ከኢትዮጵያ በተማሪ ቪዛ የመጣና አባቱ አዲስ አበባ የታመሙበት ልጅ ደግሞ መጀመሪያ መሄድ ያለበት ወደ ዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቢሮ ነው። በቪዛው ደንብ ከሙሉ ክሬዲት በታች ለመማር በሕክምና ምክንያት የሚፈቀደው ለራሱ ሕመም እንጂ ለአባቱ ሕመም አይደለም። ከላይ ያለውን የ6 ክሬዲት ዕቅድ ቀድቶ ቢያቀርብ ከቪዛው ጋር ሊጋጭበት ይችላል። መሰናበቱም ራሱ የቪዛ ሁኔታውን ስለሚነካ አንድ ቀን ማዘግየት የለበትም።

ይግባኙ ውድቅ ከሆነ ብዙ ኮሌጆች ከአንድ ሴሚስተር ወይም ከዓመት በኋላ እንደገና ማመልከትን ይፈቅዳሉ። በዚያ ጊዜ ሌላ ኮሌጅ መማር ችሎታን ለማሳየት ይረዳል፤ ነገር ግን ከሌላ ኮሌጅ የሚመጣው ክሬዲት ብዙውን ጊዜ አሮጌውን ጂፒኤ ከፍ አያደርገውም። ከተሳካ ደግሞ ልጁ የሚመለሰው በፕሮቤሽን ነው፤ የእናቱም ጤና በማንኛውም ሳምንት ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ ሴሚስተሩ እንደጀመረ የኮርስ ማቋረጫው የመጨረሻ ቀን መቼ እንደሆነ ጠይቆ በስልኩ ላይ ያስገባ፤ ከዚያ ቀን በፊት ባለው ሳምንትም ከአድቫይዘሩ ጋር ቀጠሮ ይያዝ።